«አምና መጥቷል፣ ዘንድሮ አይመጣም» ምን ያህል እውነት ነው? ፈተና አውጪዎች ይዘት የሚያዟዙሩበት መንገድ

ፈተና ሲቃረብ ተማሪዎች መካከል የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፦ «እሱ አምና መጥቷል፣ ዘንድሮ አይመጣም።» ይህን አምኖ አንድ ሙሉ ምዕራፍ የሚዘል አለ። «ዝም ብሎ ግምት ነው» ብሎ ጆሮ የማይሰጠውም አለ። እውነቱ ከሁለቱም ትንሽ ትንሽ ይዟል። ረዘም ያለ የጽሑፍ መልስ የሚጠይቁ ጥቂት ጥያቄዎች በሚቀርቡበት ፈተና፣ አምና የተጠየቀው ነገር ዘንድሮ የመደገም ዕድሉ በእርግጥ ይቀንሳል። ግን ዜሮ አይሆንም፤ የሚቀንሰውም ብዙዎች እንደሚያስቡት በምዕራፍ ደረጃ አይደለም። ብዙ የምርጫ ጥያቄ ባለው ፈተና ላይ ደግሞ አባባሉ ከሞላ ጎደል አይሠራም።

## ፈተና አውጪው ለምን ይቀያይራል?

አንድ የትምህርት ዓይነት በዓመት ወይም በሁለት ዓመት የሚሸፈን ይዘት አለው፤ ፈተናው ግን የሁለት ወይም የሦስት ሰዓት ነው። ያን ሁሉ ይዘት በዚህ ሰዓት ውስጥ መጠየቅ ስለማይቻል ፈተና ሁልጊዜ ናሙና ነው። እህል ገዢ ጆንያውን ሁሉ ዘርግፎ አያይም፤ ከአንድ ቦታ ዘግኖ ይመለከትና ስለ ሙሉው ጆንያ ይፈርዳል። ይህ ፍርድ ልክ የሚሆነው ግን ሻጩ እጁ የት እንደሚገባ አስቀድሞ እስካላወቀ ድረስ ነው። ገዢው ሁልጊዜ ከላይ ብቻ የሚዘግን ከሆነ፣ ጥሩ ጥሩው እህል ከላይ ይደረግለታል።

ፈተና አውጪም የሚፈራው ይህንኑ ነው። በየዓመቱ ተመሳሳይ ስድስት ርዕሶች ቢጠየቁ፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ መምህራን ሌላውን ምዕራፍ ማስተማር ያቆማሉ። ይህ የሚሆነው ሰነፍ ስለሆኑ አይደለም፤ ተማሪዎቻቸው የሚመዘኑት በውጤት ስለሆነ ነው። ስለዚህ ዋናው የማዟዟር ዓላማ ከጥቂት ዓመታት ድምር ሲታይ ከሥርዓተ ትምህርቱ ሳይነካ የሚቀር ክፍል እንዳይኖር ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ቴክኒካዊ ነው። የአምናው ፈተና ከነማረሚያ መመሪያው ተማሪው እጅ ይገባል። የማረሚያ መመሪያ ማለት አራሚው ለየትኛው ሐሳብ ስንት ነጥብ እንደሚሰጥ የሚያሳይ ሰነድ ነው። ያው ጥያቄ በዓመቱ ቢደገም፣ አምና ከባድ የነበረው ጥያቄ ዘንድሮ ቀላል ይሆናል፤ ብዙዎች መልሱን ከመመሪያው ሸምድደው ስለሚመጡ። ጥያቄው ያኔ የሚለካው እውቀትን ሳይሆን የአምናውን ወረቀት ማን እንዳገኘ ነው።

## ሥራው በተግባር እንዴት ይሄዳል?

ፈተና አውጪ ባዶ ወረቀት ፊት ተቀምጦ «ዘንድሮ ምን ልጠይቅ?» አይልም። መጀመሪያ ከፊቱ የሚቀመጠው የፈተና ንድፍ የሚባል ሠንጠረዥ ነው። በአንድ በኩል የሥርዓተ ትምህርቱ ክፍሎች ተዘርዝረዋል፤ በሌላ በኩል የክህሎት ዓይነቶች፦ ማስታወስ፣ በአዲስ ሁኔታ ላይ መጠቀም፣ መተንተን። በየመገናኛው ሣጥን ውስጥ ስንት ነጥብ መግባት እንዳለበት ተጽፏል። ለምሳሌ «ለዘር ውርስ ከመቶ 15፤ ከዚህ ውስጥ 5 በማስታወስ፣ 6 በመጠቀም፣ 4 በመተንተን» ሊል ይችላል። ይህ ንድፍ ሥርዓተ ትምህርቱ እስኪለወጥ ድረስ አብዛኛውን ጊዜ ከዓመት ዓመት አይቀየርም። ልብ በሉ፤ ዘር ውርስ 15 ነጥብ አለው ከተባለ አምና መጣ ተብሎ ዘንድሮ ሊቀር አይችልም። መቀያየሩ የሚጀምረው ከዚህ በታች ነው።

ሁለተኛው ሰነድ የሽፋን መዝገብ ነው። በቁመቱ ንዑስ ርዕሶች፣ በወርዱ ዓመታት አሉት፤ በየዓመቱ ምን እንደተጠየቀ፣ በስንት ነጥብና በምን መልክ እንደተጠየቀ ይመዘገብበታል። አውጪው የመጀመሪያ ረቂቁን ሲጽፍ መዝገቡን ጎን ለጎን ይዞ ነው። አንድ ንዑስ ርዕስ ሦስትና አራት ዓመት ባዶ ከሆነ ዓይኑ እዚያ ያርፋል።

ረቂቁ ቀጥሎ ወደ ሌላ ባለሙያ ይሄዳል። ይህ ሰው ከሚጠየቃቸው ነገሮች አንዱ «ይህ ጥያቄ ከአምናውና ከካቻምናው ጋር በጣም አይመሳሰልም?» የሚለው ነው። ከዚያ ኮሚቴ ይቀመጣል፣ ጥያቄ ይሰረዛል፣ ይተካል። በመጨረሻ ረቂቁን አይቶ የማያውቅ ሰው እንደ ተፈታኝ ሆኖ ይሠራዋል፤ ሰዓቱ ይበቃ እንደሆነ፣ አንዱ ጥያቄ የሌላውን መልስ ያጋልጥ እንደሆነ የሚታወቀው ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ተማሪ ብዙ ጊዜ የማያስበው ነገር አለ። ይህ ሁሉ ሒደት ጊዜ ይፈጃል፤ በትልልቅ ፈተናዎች ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ የሚጀመርበት ጊዜ ብዙ ነው። በሌላ አነጋገር የዘንድሮው ፈተና ሲረቀቅ የአምናው ገና አልተሰጠም ነበር፤ ተጠናቆ ካዝና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አውጪው አምና ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል፤ ተማሪዎች እንዴት እንደሚመልሱት ግን አያውቅም። ስለዚህ «አምና ሁሉም ስለተሳሳተው ዘንድሮ ይደግሙታል» የሚለው ግምት፣ ቢሠራ እንኳ የሚሠራው ከአንድ ዓመት በኋላ ላለው ፈተና ነው። ከወር በፊት ዜና የሆነ ጉዳይ ፈተና ላይ ይመጣል የሚለውም በዚሁ ምክንያት አይሆንም።

## አምና የመጣው ዕድሉ በስንት ይቀንሳል?

በቁጥር እንየው። አንድ ፈተና በየዓመቱ 6 ረጃጅም ጥያቄዎች አሉት እንበል፤ የሚወጡትም ከ18 ርዕሶች ነው፤ ሁሉም እኩል ክብደት አላቸው።

አውጪው ምንም ሳያገናዝብ በዕጣ ቢመርጥ፣ እያንዳንዱ ርዕስ የመምጣት ዕድሉ 6 ለ 18፣ ማለትም 33 በመቶ ነው። አምና መጣ አልመጣ ለውጥ የለውም።

አሁን አውጪው አንድ ልማድ ይኑረው፦ ከአምናዎቹ 6 ርዕሶች አንዱን ብቻ ይደግማል፤ የቀሩትን 5 ጥያቄዎች አምና ካልተጠየቁት 12 ርዕሶች ያወጣል። አምና የመጣ አንድ ርዕስ ዘንድሮ የመምጣት ዕድሉ 1 ለ 6፣ ማለትም ወደ 17 በመቶ ይወርዳል። አምና ያልመጣው ደግሞ 5 ለ 12፣ ወደ 42 በመቶ ይወጣል።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። የአምናው ርዕስ ዕድሉ በግማሽ ቀንሷል፤ ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም፤ የጥናት ሰዓት ሲከፋፈል ሊታሰብበት ይገባል። ነገር ግን የአምናዎቹን ስድስት ርዕሶች ሙሉ በሙሉ የዘለለ ተማሪ፣ በዚህ ልማድ መሠረት ከስድስት ጥያቄዎች አንዱን አያውቀውም። ጥያቄዎቹ ሁሉ ግዴታ ከሆኑ የነጥቡ አንድ ስድስተኛ ሄደ ማለት ነው። «ከስድስቱ አራቱን መርጣችሁ ሥሩ» የሚል ፈተና ከሆነ ግን ጉዳቱ የመምረጥ ነፃነቱን ማጥበቡ ብቻ ነው፤ የሚዘል ሰው መጀመሪያ ማየት ያለበት ይህን መመሪያ ነው።

## ታዲያ ለምን ጨርሶ አያግዱትም?

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አውጪው አንዴ የጠየቀውን ለሁለት ዓመት በፍጹም ላለመድገም ቢወስን ምን ይሆናል? በመጀመሪያው ዓመት 6 ርዕስ ይወጣል፣ በሁለተኛው ሌላ 6። ለሦስተኛው ዓመት የቀሩት በትክክል 6 ናቸው። ማንኛውም ሁለት የቆዩ ወረቀቶች ያሉት ተማሪ የሦስተኛውን ዓመት ፈተና ከነዝርዝሩ ያውቀዋል። እህል ገዢው ከላይ ብቻ መዝገን ትቶ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች በተራ መዝገን ጀመረ፤ ሻጩም ተራውን ቆጠረበት እንደማለት ነው።

ስለዚህ ጥንቃቄ ያለው የፈተና ክፍል ሁለት የሚጋጩ ነገሮችን በአንድ ላይ ይይዛል፦ ሁሉም ይዘት በጊዜ ሂደት ይነካ፣ ግን ተራው አይታወቅ። የሁለቱ ማስታረቂያ ሆን ብሎ መድገም ነው። አልፎ አልፎ የአምናው ርዕስ ዘንድሮም ይጠየቃል፤ አንዳንዴም ለሦስት ዓመት ያልተጠየቀው ለአራተኛ ጊዜ ይታለፋል። ተማሪው «ኧረ ይሄ አምና ነበር!» ብሎ ሲደነግጥ፣ አውጪው ተሳስቶ ላይሆን ይችላል፤ የፈለገው ይህንኑ ሊሆን ይችላል። በአንዳንድ የፈተና ሰነዶች ላይ «ይዘቱ በማንኛውም ዓመት ሊጠየቅ ይችላል» የሚል ዐረፍተ ነገር የሚገባውም ለዚህ ነው።

## «ርዕስ» ስንል የትኛው ነው?

ከላይ ያለው ስሌት 18 እኩል ርዕሶች እንዳሉ ቆጥሯል። እውነተኛ ሥርዓተ ትምህርት ግን እንዲህ የተስተካከለ አይደለም። ከባዮሎጂ አንድ ምሳሌ ወስደን ጠለቅ ብለን እንየው፦ ዕፅዋት በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩበት ሒደት፣ ፎቶሲንተሲስ።

አምና የመጣው ጥያቄ ግራፍ ነበር እንበል። አግድም የብርሃን መጠን፣ ቁም የፎቶሲንተሲስ ፍጥነት። መስመሩ መጀመሪያ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ይሆናል። ጥያቄው «ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?» ነው። የማረሚያ መመሪያው የሚፈልገው፣ መስመሩ ሲወጣ ፍጥነቱን የሚገድበው ብርሃን እንደሆነ፣ ጠፍጣፋው ላይ ግን ብርሃን ቢጨመርም ለውጥ ስለሌለ የሚገድበው ሌላ ነገር፣ ማለትም የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ወይም የሙቀት መጠን እንደሆነ መናገር ነው።

ይህ ግራፍ ዘንድሮ በዚያው መልክ የመመለስ ዕድሉ ትንሽ ነው። ፎቶሲንተሲስ ግን የትም አይሄድም፤ ንድፉ ውስጥ ቋሚ ነጥብ አለው። ስለዚህ አውጪው የሚያደርገው ወደ ሌላኛው ገጽታ መዞር ነው። አንዱ ለምሳሌ የስታርች ምርመራ ነው፦ ከፊሉ አረንጓዴ ከፊሉ ነጭ የሆነ ቅጠል ያለው ተክል መጀመሪያ ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን ጨለማ ውስጥ ይቆያል፣ የነበረው ስታርች እንዲያልቅ። ከዚያ ብርሃን ያገኛል። ቅጠሉ ይቀነጠስና በፈላ ውሃ ይነከራል፣ ቀጥሎ በሞቀ ኢታኖል አረንጓዴው ቀለም ይወጣለታል፣ በውሃ ይታጠባል፣ በመጨረሻ አዮዲን ይንጠባጠብበታል። አረንጓዴ የነበረው ክፍል ወደ ጥቁር ሰማያዊ ይለወጣል፤ ነጭ የነበረው የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ይቀራል። «ኢታኖሉ በቀጥታ በእሳት ላይ ለምን አይሞቅም?» የሚለው የሁለት ነጥብ ጥያቄ ነው፤ መልሱ ኢታኖል በቀላሉ ስለሚቀጣጠል በሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ይሞቃል ነው።

ሁለቱ ጥያቄዎች ርዕሳቸው አንድ ነው፤ የሚፈልጉት ዝግጅት ግን የተለያየ ነው። ግራፉን ብቻ ያጠና የስታርቹን አይመልስም። «ፎቶሲንተሲስ አምና ስለመጣ» ብሎ ምዕራፉን የዘለለ ግን ሁለቱንም አይመልስም። ትክክለኛው ድምዳሜ «ፎቶሲንተሲስ አይመጣም» ሳይሆን «ፎቶሲንተሲስ ከመጣ፣ በግራፍ የመምጣቱ ነገር ቀንሷል» የሚለው ነው።

የሚዞሩት ገጽታዎች ብቻ አይደሉም። የጥያቄው መልክም ይዞራል፦ አምና «አብራራ» የተባለው ዘንድሮ «አወዳድር» ወይም «ሙከራ ንደፍ» ተብሎ ሊመጣ ይችላል። የአምናውን የማረሚያ መመሪያ በቃሉ የያዘ ተማሪ በብዛት የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ግራፉን ያውቀዋል፤ የተጠየቀው ግን ግሪንሃውስ ያለው ገበሬ መብራት ጨምሮ ምርቱ ለምን እንዳልጨመረ ነው። መመሪያውን እንዳለ ገልብጦ ይጽፋል፤ «የሚገድበው ሌላ ነገር ነው» ብሎ ከገበሬው ሁኔታ ጋር ሳያገናኘው ይቀራል፣ ግማሽ ነጥብ ይዞ ይወጣል።

## በምርጫ ጥያቄ ብቻ የሚሰጥ ፈተናስ?

100 የምርጫ ጥያቄ ያለው ፈተና ናሙናው ሰፊ ነው። ንድፉ ለአንድ ክፍል 12 ጥያቄ ከመደበ በየዓመቱ 12 ይመጣል። ስለዚህ እዚህ «አምና መጥቷል» የሚባል ምዕራፍ የለም፤ ሁሉም አምና መጥቷል፣ ሁሉም ዘንድሮ ይመጣል። የሚቀያየሩት ነጠላ ጥያቄዎቹ ናቸው።

እነዚህ ጥያቄዎች የሚኖሩት በጥያቄ ባንክ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ መቼ እንደተሰጠ፣ ከተፈታኞች ስንት በመቶው እንደመለሰው፣ ጎበዙንና ደካማውን ተማሪ ምን ያህል እንደለየ ይመዘገባል። የተሰጠ ጥያቄ ለተወሰነ ጊዜ «ያርፋል»፤ ወረቀቱ ለሕዝብ ከተለቀቀ ግን ከናካቴው ይወጣል። አንድ ጥያቄ ሳያርፍ ደጋግሞ ሲሰጥ ምን እንደሚሆን እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ታይቷል። ለድኅረ ምረቃ መግቢያ የሚሰጠው ጂ አር ኢ ፈተና በኮምፒውተር መሰጠት ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ፣ የአንድ አስጠኚ ድርጅት ሠራተኞች ፈተናውን ወስደው ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይዘው ወጡ። ያው የጥያቄ ክምችት በተለያየ ቀን ለተለያዩ ሰዎች ይሰጥ ስለነበር፣ ቀድሞ የተፈተነ ለሚከተለው ሊነግረው እንደሚችል ግልጽ ሆነ። አዘጋጁ ድርጅት ፈተናው የሚሰጥባቸውን ቀናት ለመቀነስ ተገደደ።

ከማዟዟሩ በተቃራኒ የሚሄድ ነገርም አለ፦ ሆን ተብለው የሚደገሙ ጥያቄዎች። የማገናኛ ጥያቄ ሊባሉ ይችላሉ። የዘንድሮው አማካይ ውጤት ከአምናው ቢያንስ፣ ምክንያቱ ፈተናው መክበዱ ነው ወይስ ተማሪዎቹ መድከማቸው? ይህን ለመለየት አምና የተሰጡ ጥቂት ጥያቄዎች ቃል በቃል ዘንድሮም ይገባሉ። የአምና ተማሪዎች እነዚህን በአማካይ 60 በመቶ መልሰው የዘንድሮዎቹም 60 በመቶ ከመለሱ፣ ተማሪዎቹ በችሎታ እኩል ናቸው። በአዲሶቹ ጥያቄዎች ላይ ውጤት ከወረደ ጥፋቱ የወረቀቱ ነው፤ ውጤቱም በዚያ ልክ ይስተካከላል። ሥራው እንዲያስተማምን የማገናኛ ጥያቄዎቹ ከፈተናው አንድ አምስተኛ ያህል እንዲሆኑ ይመከራል። ይህ የሚቻለው ጥያቄዎቹ በምስጢር ከተያዙ ብቻ ነው። ከፈተና በኋላ ወረቀቱ የሚሰበሰብበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

## በራሳችሁ ፈተና ላይ ልማዱ መኖሩን እንዴት ታውቃላችሁ?

«ይዟዟራል» የሚለውን በወሬ ማመን አያስፈልግም፤ ይቆጠራል። የሚያስፈልጋችሁ የስድስት ተከታታይ ዓመታት ወረቀትና አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ ነው። በቁመቱ ንዑስ ርዕሶችን ጻፉ፤ «ፎቶሲንተሲስ» ሳይሆን «የሚገድቡ ነገሮች»፣ «የስታርች ምርመራ»፣ «የቅጠል አሠራር» እያላችሁ። በወርዱ ዓመታቱን። በሣጥኑ ውስጥ ምልክት ብቻ አታድርጉ፣ ነጥቡን ጻፉ፤ የሁለት ነጥብ ንዑስ ጥያቄና የአስራ አምስት ነጥብ ጥያቄ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ትልልቆቹን ጥያቄዎች ብቻ ይዛችሁ፣ በሁለት ተከታታይ ዓመታት የተደገሙትን ቁጠሩ። ቁጥሩን የምታወዳድሩት በዕጣ ቢሆን ኖሮ ከሚጠበቀው ጋር ነው። እሱም ቀላል ነው፦ የአምና ጥያቄዎች ብዛት ሲባዛ በዘንድሮው ብዛት፣ ሲካፈል ለርዕሶቹ ብዛት። በምሳሌያችን፦

```
6 × 6 ÷ 18 = 2
```

ማለትም ማንም ምንም ሳያቅድ እንኳ በአማካይ በየዓመቱ 2 ርዕስ ይደገማል። ስድስት ወረቀት አምስት ጥንድ ዓመታት ስለሚሆን የሚጠበቀው 10 ድግግሞሽ ነው። ቆጥራችሁ 5 ወይም ከዚያ በታች ካገኛችሁ አውጪው በእርግጥ እያዟዟረ ነው። ከ8 እስከ 12 ካገኛችሁ ከዕጣ የተለየ ነገር አላያችሁም፤ «አምና መጥቷል» የሚለው እናንተ ፈተና ላይ አይሠራም። በመሀል ያሉት 6 እና 7 ማስረጃ አይሆኑም፤ በአጋጣሚም ሊመጡ ይችላሉ።

አንድ ማስተካከያ አለ። በየዓመቱ የማይቀሩ ርዕሶች ካሉ ከቆጠራው አውጧቸው፤ አለዚያ ድግግሞሹን ያበዙትና ማዟዟር የሌለ ያስመስሉታል። ከ18ቱ 2 በየዓመቱ የሚመጡ ከሆኑ፣ የቀረው 4 ጥያቄ ከ16 ርዕስ ነው። የሚጠበቀውም ድግግሞሽ በጥንድ ዓመት 4 × 4 ÷ 16፣ ማለትም 1 ብቻ ነው። እነዚያን ሁለቱን ደግሞ ማንም ሳይነግራችሁ ታጠኗቸዋላችሁ።

## ስሌቱ የሚከሽፈው መቼ ነው?

ሠንጠረዡ ላይ ባዶ የታየ ሁሉ «ተራው ደርሷል» ማለት አይደለም። በጣም የተለመደው ስህተት ርዕሱ ከሥርዓተ ትምህርቱ የወጣ መሆኑን አለማየት ነው፤ አራት ዓመት ያልተጠየቀው ከአራት ዓመት በፊት ስለተሰረዘ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ረድፎቹን ከአሮጌ ወረቀት ሳይሆን አሁን ከሚሠራበት ሥርዓተ ትምህርት ቅዱ። ሥርዓተ ትምህርቱ በቅርቡ ከተለወጠ ከለውጡ በፊት ያሉት ወረቀቶች ለጥያቄ መልመጃ ይጠቅማሉ፣ ለዕድል ስሌት ግን አይሆኑም፤ የሽፋን መዝገቡም ከአዲስ ነው የሚጀምረው።

ሌላው ባዶ የሚመስል ግን ባዶ ያልሆነ ሣጥን ነው። ርዕሱ ራሱን ችሎ አልመጣም፣ ግን በሌላ ጥያቄ «ሐ» ክፍል ውስጥ ለአምስት ነጥብ ተጠይቋል። ወይም ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ ወይም ለተለያየ አካባቢ የተለያየ ወረቀት አለው። አውጪው መዝገቡን የሚሞላው በሁሉም ነው፤ እናንተ የምታዩት የራሳችሁን ወረቀት ብቻ ነው። ለእናንተ አራት ዓመት የጠፋ ርዕስ ለእሱ ባለፈው መንፈቅ የተጠየቀ ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻም ማንም ሊገምተው የማይችል አንድ ሁኔታ አለ። ጥንቁቅ የፈተና ክፍል ከዋናው ወረቀት ጋር መጠባበቂያ ወረቀት አብሮ ያዘጋጃል። ዋናው ሾልኮ መውጣቱ ከታወቀ በመጠባበቂያው ይተካል። መጠባበቂያው ግን ሳይነካ ለሁለትና ለሦስት ዓመት የቆየ ሊሆን ይችላል። ሲዘጋጅ የተመሳከረው በጊዜው ከነበሩት ወረቀቶች ጋር ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተሰጡትን አያውቅም። እንዲህ ያለ ወረቀት ሲወጣ ከአምናው ጋር ሁለትና ሦስት ርዕስ ቢጋጭ አይገርምም። መጠባበቂያ ወረቀት የተሰጠበትን ዓመት ካወቃችሁ፣ ድግግሞሽ ስትቆጥሩ ያንን ዓመት ከሁለቱም ጎን ዝለሉት።